ሲሚንቶው የሚወርደው የት ነው? ስለ ግንባታ ወጪ ግምት የቀረበ ንግግር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ቤት መሠረትና ወለል ነው። ቤቲቱ በሺንሺቾ፣ በከምባታ ዞን በቃጫ ቢራ ወረዳ፣ ለተማሪዎች የንባብ ክፍል ትሆን ዘንድ የታሰበች ናት። ውስጧ በርዝመት 8 ሜትር፣ በወርድ 6 ሜትር ነው። ገንዘቡን የሚያዋጡት ወላጆች ስለሆኑ፣ ሥራው መሠረቱ ላይ ቢቆም አዋጪዎቹ ሁለተኛ እጃቸውን ለመዘርጋት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የወጪው ግምት መሳሳት ለእኛ የወረቀት ስሕተት ብቻ አልነበረም።

እኛም ተሳስተን ነበር። የመጀመሪያውን ግምት ይዘን ሄደን ለሽማግሌዎቹ ባነበብንላቸው ጊዜ፣ አንድ አባት እስክንጨርስ ድረስ በጸጥታ ሰሙንና «ልጆቼ፤ ይህ ያላችሁት ሲሚንቶ የሚወርደው አዲስ አበባ ነው ወይስ እዚህ?» ብለው ጠየቁን። እኛም መልስ አጣን። ዋጋውን የወሰድነው ከአዲስ አበባ ነበርና። የዛሬው ንግግራችን በሙሉ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናስታውቅ። ከዚህ በታች የምንጠራቸው የብር ዋጋዎች ለስሌት እንዲያመቹ ክብ ተደርገው የተወሰዱ ናቸው፤ የዛሬ የገበያ ዋጋ ናቸው ብሎ ማንም እንዳይገለብጣቸው። ልብ ሊባል የሚገባው የስሌቱ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ስለ መጠኑ

ዋጋ ከመተመኑ በፊት የሥራው መጠን መታወቅ አለበት። የመሠረቱ ግንብ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከፍታውም 1.2 ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። ታዲያ ርዝመቱን ከየት እስከ የት እንለካ? ብዙዎቻችን የውጭውን ዙሪያ እንለካለን። የግንቡ የውጭ ዙሪያ 30.8 ሜትር ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ አራቱ ማዕዘኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። ትክክለኛው በግንቡ መካከል የሚያልፈውን መስመር መለካት ነው። የላዩ ግድግዳ ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የመካከሉ መስመር በአንድ ወገን 8.2፣ በሌላው 6.2 ሜትር ይሆናል፤ ዙሪያውም 28.8 ሜትር ነው። ይህን በ0.5 እና በ1.2 ብናባዛ 17.28 ሜትር ኩብ ግንብ እናገኛለን። በውጭው ዙሪያ ብንለካ ኖሮ 1.2 ሜትር ኩብ የማይሠራ ግንብ እንቆጥር ነበር።

የሌሎቹም መጠን እንዲሁ ይገኛል። የመሠረቱ ቦይ 70 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 1 ሜትር ጥልቀት አለው፤ 28.8 ሜትር ሲሄድ 20.16 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ይሆናል። ከወለሉ በታች የሚነጠፈው ድንጋይ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው፣ ለ48 ካሬ ሜትር 12 ሜትር ኩብ ነው። የወለሉ አርማታ 10 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ 4.8 ሜትር ኩብ ይወጣዋል። እነዚህ አራት ቁጥሮች ናቸው መነሻችን። እስከዚህ ድረስ ስሕተት አልነበረብንም።

ነጠላ ዋጋ እንዴት ይሠራል?

ስሕተቱ የመጣው መጠኑን ወደ ብር ስንለውጥ ነው። ነጠላ ዋጋ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ሥራ ተሠርቶ በቦታው እስኪቆም ድረስ የሚያስወጣው ገንዘብ ነው። እርሱም ከሱቅ አይገዛም፤ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። የአርማታውን እንመልከት።

አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር የሆነ አርማታ አንድ ሜትር ኩብ ለመሥራት 320 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 3.2 ኩንታል ያህል ሲሚንቶ፣ 0.46 ሜትር ኩብ አሸዋና 0.92 ሜትር ኩብ ጠጠር ያስፈልጋል። ሲደመር ከአንድ ሜትር ኩብ እንደሚበልጥ ታያላችሁ። ይህም የሚሆነው አሸዋው በጠጠሩ ክፍተት፣ ሲሚንቶውም በአሸዋው ክፍተት ውስጥ ስለሚገባ ነው። ከአሸዋውና ከጠጠሩ ተነሥቶ «ሦስቱ ሲደመሩ 1 ይሆናሉ» ብሎ የሚያስብ ሰው ዕቃው በሥራው መካከል ያልቅበታል።

በዚህ ላይ ብክነት አለ። ከረጢት ይቀደዳል፤ አሸዋ ከመሬት ጋር ይደባለቃል፤ ጠጠር በመንገድ ይፈስሳል። ለሲሚንቶና ለጠጠር 5 በመቶ፣ በባዶ መሬት ላይ ለሚራገፈው አሸዋ ደግሞ 10 በመቶ ያህል ብንጨምር፣ 3.36 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 0.5 ሜትር ኩብ አሸዋና 0.97 ሜትር ኩብ ጠጠር እንላለን። ስለ አሸዋ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ ጥቂት እርጥበት ብቻ የያዘ አሸዋ ከደረቁ እስከ ሩብ ያህል የበለጠ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከወንዝ ወጥቶ በዚያው ቀን የመጣ አንድ መኪና አሸዋ፣ በደረቀ ጊዜ የገዛነውን ያህል ሆኖ አይገኝም። ሁለት ቀን ያደረ ጭነት ዝቅ ብሎ ባየን ጊዜ ሌባ ገባ ብለን ነበር፤ ሌባው ግን ፀሐይ ነበረች።

አሁን ለዕቃዎቹ ዋጋ እንስጥ፤ ዋጋው ግን በሺንሺቾ፣ በሥራው ቦታ ላይ ያለው ነው። ሲሚንቶው በኩንታል እስከ ቦታው 2,340 ብር ይሁን (ይህ ከየት እንደመጣ ቀጥለን እናሳያለን)። አሸዋ በሜትር ኩብ 2,000፣ ጠጠር 2,200 ብር ይሁን።

የሠራተኛው ዋጋ የሚገኘው ከቀን ሥራው ነው። አንድ ግንበኛና ስምንት የቀን ሠራተኞች አርማታ በእጅ እያቦኩ በቀን 4 ሜትር ኩብ ያህል ይጥላሉ ብንል፤ ግንበኛው 1,000፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ 400 ብር ቢያገኝ የቀኑ ደመወዝ 4,200 ብር ነው። ለ4 ሲካፈል ለአንድ ሜትር ኩብ 1,050 ብር ይሆናል። ከዚህ የምንማረው የሠራተኛ ዋጋ በደመወዙ ብቻ ሳይሆን በቀን በሚሠራው ሥራም መጠን እንደሚወሰን ነው። ዝናብ መጥቶ በቀን 2 ሜትር ኩብ ብቻ ቢጣል፣ ደመወዝ ሳይጨመር ዋጋው እጥፍ ይሆናል።

ውሃም አለ። ለማቡካትና አርማታው ሳይደርቅ ለጥቂት ቀናት ለማርጠብ ለአንድ ሜትር ኩብ 400 ሊትር ብንገምት፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 20 ጀሪካን ነው። ቧንቧ በሌለበት አንድ ጀሪካን በ10 ብር ቢመጣ 200 ብር ይሆናል። ለአካፋ፣ ለባልዲና ለጋሪ መበላሸት 100 ብር እንጨምር።

ድምሩን እንየው፦

ሲሚንቶ 3.36 ኩንታል በ2,340፦ 7,862 ብር
አሸዋ 0.5 ሜትር ኩብ በ2,000፦ 1,000 ብር
ጠጠር 0.97 ሜትር ኩብ በ2,200፦ 2,134 ብር
ሠራተኛ፦ 1,050 ብር
ውሃ፦ 200 ብር
መሣሪያ፦ 100 ብር
ለአንድ ሜትር ኩብ፦ 12,346 ብር

ለ4.8 ሜትር ኩብ 59,261 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ግምታችን ግን ለዚሁ ወለል ስንት ጽፈን ነበር? ሲሚንቶውን ያለ ብክነት በአዲስ አበባ የመጋዘን ዋጋ በ1,800፣ አሸዋውን በወንዝ ዳር ዋጋ በ800፣ ጠጠሩን በመፍጫው ዋጋ በ1,200 ይዘን፣ ውሃንና መሣሪያን ረስተን፣ ለአንድ ሜትር ኩብ 8,282 ብር፣ ለወለሉ በሙሉ 39,754 ብር አልን። ልዩነቱ 19,507 ብር፣ ማለትም የእውነተኛው ዋጋ ሢሶ ያህል ነው። እኛም «10 በመቶ መጠባበቂያ ይዘናል» ብለን ተመክተን ነበር። ከ39,754 ብር 10 በመቶ 3,975 ብር ብቻ ነው። የተረሳን መጓጓዣ መጠባበቂያ አይከፍለውም።

ማጓጓዣ በጉዞ እንጂ በኩንታል አይሸጥም

ያ 2,340 ብር ከየት እንደመጣ እንመልከት። በመጀመሪያ ለመሠረቱና ለወለሉ ጠቅላላ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ እንደምር። ለወለሉ 4.8 በ3.36 ሲባዛ 16.1 ኩንታል ነው። ለድንጋዩ ግንብ፣ ለሲሚንቶና ለአሸዋው ልውስ በሜትር ኩብ 1.3 ኩንታል ቢያዝ፣ ለ17.28 ሜትር ኩብ 22.5 ኩንታል ይሆናል። በጠቅላላው 39 ኩንታል ያህል ነው።

50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ከአዲስ አበባ እስከ ሺንሺቾ በ20,000 ብር ቢስማማ፣ ብዙ ሰው ወዲያው 20,000ን ለ50 አካፍሎ «በኩንታል 400 ብር» ይላል። ነገር ግን ባለመኪናው 39 ኩንታል ስለጫንን ዋጋ አይቀንስልንም። እርሱ የሸጠልን ጉዞውን ነው። 20,000 ለ39 ሲካፈል 513 ብር ይሆናል። ለጫኝና ለአውራጅ 40 ብር ሲጨመር ሲሚንቶው በቦታው 2,353 ብር ይደርሳል። መኪናው ቢሞላ ግን 2,240 ብር ብቻ በሆነ ነበር።

አሁን ሌላ መንገድ እናነጻጽር። በዱራሜ ያለ ነጋዴ ሲሚንቶውን በ2,250 ብር ቢሸጥልን፣ ወደ ሺንሺቾ ማምጫው በኩንታል 50፣ መጫኛና ማውረጃው 40 ብር ቢሆን፣ 2,340 ብር ነው። በመጀመሪያ ስናየው 2,250 ከ1,800 እጅግ የተወደደ ይመስላል፤ በሥራው ቦታ ስናነጻጽረው ግን የዱራሜው በ13 ብር ረከሰ። ሌላም ጥቅም አለው፤ እየሠራን በየጥቂቱ ልንገዛ እንችላለን። ሲሚንቶ እርጥበት ባለበት ቤት ወራት ከተቀመጠ እየጠጠረ ኃይሉን ያጣልና። የንባብ ክፍሉን ቆርቆሮና እንጨት በዚያው መኪና ለማምጣት ከተቻለና መኪናው ከሞላ ደግሞ የአዲስ አበባው ይሻላል። ስለዚህ ሁለት ዋጋዎች የሚነጻጸሩት ዕቃው በሥራው ቦታ ከወረደ በኋላ ብቻ ነው።

አሸዋም እንዲሁ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና አንድ ጭነት በ32,000 ብር ቢያመጣ በሜትር ኩብ 2,000 ብር ነው ያልነው፣ ሁሉም ሥራ ላይ እንደሚውል አስበን ነው። ለወለሉ 2.4፣ ለግንቡ 6.9 ሜትር ኩብ ሲያስፈልግ ድምሩ 9.3 ነው። የቀረው 6.7 ሜትር ኩብ ለግድግዳው ልስን ይቀመጣል። ልስን ባይኖር ኖሮ ግን ያው 32,000 ብር ለ9.3 ተካፍሎ በሜትር ኩብ 3,440 ብር ያህል ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጨረሻዋ ግማሽ ኪሎ ሜትር አለች። መኪናው እስከ ቦታው ይገባል? በበጋ የሚገባው መኪና በክረምት ከዋናው መንገድ ላይ ያራግፍና ይሄዳል። ከዚያ በጋሪ ወይም በሰው ትከሻ ይደገማል። ለአንድ ኩንታል 30 ብር ተጨማሪ ቢከፈል ለ39 ኩንታል 1,170 ብር ነው፤ ይህ ጥቂት ነው። ነገር ግን ለአሸዋው፣ ለጠጠሩና ለድንጋዩ ሲታሰብ ይከብዳል። በከምባታ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ስላለ፣ የሥራውን ወር ሳይወስኑ የማጓጓዣውን ዋጋ መጻፍ አይቻልም።

በነጻ የተሰጠ ድንጋይ

ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ሕዝቡ ያዋጣል አሉን። እኛም በግምታችን ላይ ከድንጋይ ፊት ለፊት ዜሮ ጻፍን። ይህ ሁለተኛው ስሕተታችን ነበር። ድንጋዩ በነጻ ነው፤ አመጣጡ ግን በነጻ አይደለም። ለአንድ ሜትር ኩብ ግንብ 1.25 ሜትር ኩብ የተከመረ ድንጋይ ያስፈልጋል። ማምጫው በሜትር ኩብ 700 ብር ቢሆን 875 ብር ይወጣል። በዚህ ላይ ሲሚንቶው 3,042፣ 0.4 ሜትር ኩብ አሸዋ 800 ብር፣ አንድ ግንበኛና ሦስት ሠራተኛ በቀን 2 ሜትር ኩብ ሲገነቡ 1,100 ብር፣ ውሃና መሣሪያ 150 ብር ሲጨመር፣ የአንድ ሜትር ኩብ ግንብ ዋጋ 5,967 ብር ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የአጻጻፍ ደንብ እናስተውል። የሕዝቡ መዋጮ በግምቱ ውስጥ በዋጋ መጻፍና ከዚያ «በዓይነት የተሰጠ» ተብሎ መቀነስ አለበት። በዜሮ ከተጻፈ፣ ያ ሰው ድንጋዩን ማምጣት ያልቻለ እንደሆነ የጎደለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

እንግዲህ የአራቱ ሥራዎች ድምር ይህ ነው። ቁፋሮው፣ የላይኛውን አፈር መጥረግና መልሶ መሙላት ተጨምሮበት በሜትር ኩብ 300 ብር ታስቧል፤ የተነጠፈው ድንጋይም ማምጫውና መደልደያው 1,050 ብር።

ቁፋሮ 20.16 በ300፦ 6,048 ብር
የመሠረት ግንብ 17.28 በ5,967፦ 103,110 ብር
የድንጋይ ንጣፍ 12 በ1,050፦ 12,600 ብር
የወለል አርማታ 4.8 በ12,346፦ 59,261 ብር
ድምር፦ 181,019 ብር

ይህ ግምት ሕዝቡ ራሱ ሠራተኛ ቀጥሮ ለሚያሠራው ሥራ ነው። ተቋራጭ ከያዘው የጽሕፈት ቤት ወጪውንና ትርፉን ይጨምራል፤ ለግብር ተመዝጋቢ ከሆነም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ በላዩ ይመጣል። የአንዱን ዓይነት ግምት ለሌላው ማዋል ለጠብ ምክንያት ነው።

መጠባበቂያ ለምን ይያዛል?

አሁን ወደ መጠባበቂያው እንድረስ። ብዙ ጊዜ ሰው ግምቱን ይጨርስና በመጨረሻ ላይ 10 በመቶ ይጨምራል። ለምን 10? ቢባል «ልማድ ነው» ይላል። በእኛ ሥራ 10 በመቶ 18,102 ብር ነው። እስቲ አንድ የሚያጋጥም ነገር እናስብ። ቦዩ 1 ሜትር ከተቆፈረ በኋላ አፈሩ ገና ለስላሳ ሆነና ግንበኛው «30 ሳንቲ ሜትር እንጨምር» አለ። ተጨማሪው ቁፋሮ 6.05 ሜትር ኩብ፣ 1,814 ብር ነው። ግንቡ ግን ከታች ስለሚነሣ 4.32 ሜትር ኩብ ይጨምራል፤ ይህም 25,777 ብር ነው። ድምሩ 27,591 ብር። አንዲት ክንድ የማትሞላ ጥልቀት መጠባበቂያችንን በሙሉ በልታ ከዘጠኝ ሺህ ብር በላይ ዕዳ አስቀረችብን።

ስለዚህ መጠባበቂያ በጥርጣሬው ልክ መከፋፈል አለበት። ከመሬት በታች ያለውን አናይም፤ ወለሉን ግን በሜትር ለክተነዋል። መሬቱን ሳናይ ለቁፋሮውና ለግንቡ (109,158 ብር) 25 በመቶ፣ ማለትም 27,290 ብር፣ ለንጣፉና ለወለሉ (71,861 ብር) 5 በመቶ፣ ማለትም 3,593 ብር መያዝ ይኖርብናል። በጠቅላላው 30,883 ብር ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ ከወላጆች ለማይታወቅ ነገር መጠየቅ ደግሞ ከባድ ነው።

መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው። በቤቲቱ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘናት ላይ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚያህል ጉድጓድ እናስቆፍር። ሁለት ሠራተኛ በአንድ ቀን ይጨርሱታል፤ 800 ብር ነው። ጠንካራው አፈር በስንት ሜትር እንደሚጀምር በዓይናችን ካየን በኋላ የግንቡን ጥልቀት በግምቱ ውስጥ እናስተካክላለን፤ ጥልቀቱ 1 ሜትር ሆኖ ከጸና የመሠረቱን መጠባበቂያ ወደ 10 በመቶ እናወርደዋለን። ያን ጊዜ መጠባበቂያው 10,916 እና 3,593፣ ድምሩ 14,509 ብር ይሆናል። 800 ብር ከፍለን 16,374 ብር ከጥርጣሬ ነጻ አወጣን ማለት ነው። ጥልቀቱ የበለጠ ሆኖ ከተገኘም ወጪው ከመጀመሪያው ይታወቃል እንጂ ሥራው በቦዩ መካከል አይቆምም።

ይህ የሥራው መጠባበቂያ ነው። የዋጋ መጨመር ግን ሌላ ነገር ስለሆነ በሌላ መስመር መጻፍ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ በሚመጣ ብረትና ቆርቆሮ ላይ ግምት አውጥቶ ከዚያ ቀን በኋላ ለመግዛት የሄደ ሰው 10 በመቶ መጠባበቂያ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ስለዚህ ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ የተጠየቀበት ቀንና ቦታ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ዋናው ዕቃ ቢወደድ ምን እንደሚሆን ተሰልቶ ይታይ። ለምሳሌ ሲሚንቶ በኩንታል 200 ብር ቢጨምር ለ39 ኩንታል 7,800 ብር ነው። አዋጪዎቹ ይህን አስቀድመው ቢያውቁ፣ ዋጋው በተነሣ ጊዜ «ገንዘቡን ማን በላው?» አይባልም።

ስለዚህ የመጨረሻው ግምታችን እንዲህ ሆነ፦ ሥራው 181,019፣ የሥራ መጠባበቂያ 14,509፣ የዋጋ መጨመሪያ 7,800፣ የሙከራ ጉድጓዶቹ 800፤ ጠቅላላ 204,128 ብር። የመጠባበቂያው ገንዘብ በሁለት ሰው ፊርማ ካልሆነ እንዳይወጣ፣ ለምን እንደወጣም እንዲጻፍ ተስማምተናል። ያለዚያ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለበርና ለመስኮት ጌጥ ይውላልና።

ግምት ትክክል መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

ከመለያየታችን በፊት እኛ አሁን የምንሠራበትን ፈተና እንንገራችሁ። የገንዘቡን ድምር ትተን ዕቃውን ብቻ እንደምራለን፦ ስንት ኩንታል፣ ስንት መኪና አሸዋ፣ ስንት መኪና ድንጋይ። ለዚች መሠረት ድንጋዩ ለግንቡ 21.6፣ ለንጣፉም 15 ሜትር ኩብ ያህል፣ በጠቅላላው ከ36 የሚበልጥ ነው፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና ሦስት ጉዞ ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን መኪና በሐሳባችን ከተነሣበት እስከ ቦታው እንከተለዋለን፤ ማን ጫነው፣ በየትኛው ወር መጣ፣ የት ቆመ፣ ማን አወረደው? መልስ በሌለው ጥያቄ ሁሉ ላይ የተረሳ ገንዘብ አለ።

በመጀመሪያው ግምታችን ላይ ይህን ብናደርግ ኖሮ ሲሚንቶአችን አዲስ አበባ መጋዘን በር ላይ እንደቆመ እናየው ነበር። ያ አባት ግን ቁጥር ሳይጽፉ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ አዩት። ሁለተኛውን ግምት ባነበብንላቸው ጊዜ ስለ ብሩ ብዛት አንዳች አልተናገሩም፤ «አሁን እዚህ ወረደ» ብቻ አሉን።

 ጥያቄ ያለው ወይም ስሌታችንን የሚያርም ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ ወረቀቱ ከእኛ ዘንድ አለ።